አንድ ቃል ብቻ የያዘ የስልክ መልእክት ሲደርስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በሰሜን ሸዋ በገበሬዎች መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ የጽሕፈት ቤቱን ስልክ ይዘው ለሚሠሩ ጸሐፊዎች፣ ለመጋዘን ኃላፊዎችና መልእክት ለሚደርሳቸው የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ነው። ግብዓት በሚሰራጭበት ወቅት በዚህ ስልክ ከሚገቡት መልእክቶች ብዙዎቹ ሰላምታም ስምም ቀበሌም የሌላቸው፣ «ደረሰ»፣ «ነገ»፣ «ዋጋ»፣ «ዳፕ» ብቻ ብለው የሚያቆሙ ናቸው። መልሱ ከተሳሳተ ግን አንድ ገበሬ አህያውን ነድቶ ከቆላ ደጋ ሊወጣና ባዶውን ሊመለስ ስለሚችል፣ ላኪው ምን ሊል እንደፈለገ የማወቁ ሥራ ከመጋዘን ቆጠራ ያላነሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሰዎች ለምን እንዲህ አሳጥረው ይጽፋሉ?

አንደኛው ምክንያት ከስልኩ ከራሱ የሚመጣ ነው። አንድ የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 140 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ይህ መጠን በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል፣ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ፊደል ብቻ ያስተናግዳል፤ ክፍተቱና ነጠላ ሰረዙም ከዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ከዚያ ያለፈው ጽሑፍ ወደ ሁለተኛ መልእክት ተሻግሮ ሂሳቡም በዚያው ልክ ስለሚጨምር፣ አሳጥሮ መጻፍ በአማርኛ ጸሐፊዎች ዘንድ ልማድ ሆኖ መቅረቱ አያስገርምም። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ደግሞ አንዱን ፊደል ለማግኘት ቁልፉን ደጋግሞ መጫን ስላለበት አምስት ቃል መጻፍ አምስት ደቂቃ ሊፈጅበት ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ነው፤ መልእክቱን የሚጽፈው ሰው የጉዳዩ ባለቤት ላይሆን ይችላል። አባት እርሻ ላይ ሆነው «እስቲ ማዳበሪያው መጥቶ እንደሆነ ጠይቅልኝ» ይሉና ስምንተኛ ክፍል የሚማረው ልጃቸው «ደረሰ» ብሎ ይልከዋል። ረጅሙ ጥያቄ በቃል ተነግሮ በጽሑፍ የሚቀረው ቅሪቱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁለቱም ይበልጣል። የቋንቋ ፈላስፋው ፖል ግራይስ እ.ኤ.አ. በ1975 በታተመው ጽሑፉ እንዳስረዳው፣ ሰዎች ሲነጋገሩ ለጉዳዩ የሚበቃውን ያህል ብቻ ለመናገር ይሞክራሉ፤ ሰሚውም ይህንን ስለሚያውቅ የጎደለውን ከሁኔታው ይሞላዋል። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ የላከ ሰው ብዙ ጊዜ ግድየለሽ ሆኖ አይደለም፤ የቀረውን እርስዎ እንደሚያውቁት ስላመነ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ይህ እምነቱ ከእውነታው ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ ለምሳሌ ትናንት ያነጋገረው ሌላ ሠራተኛ ሆኖ ዛሬ ስልኩን የያዙት እርስዎ ሲሆኑ ነው።

ታዲያ ከየት ልጀምር?

ከቃሉ ትርጉም አይጀምሩ። መጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባዎት «ይህ ቃል ብቻውን የሚበቃው በምን ሁኔታ ውስጥ ላለ ሰው ነው?» ብለው ነው። «ማዳበሪያ» የሚለው ቃል ብቻውን የሚበቃው ማኅበሩ ማዳበሪያ እንደሚያቀርብ አውቆ፣ መምጣት አለመምጣቱን ብቻ ለሚጠባበቅ ሰው ነው፤ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ትምህርት የሚፈልግ ሰው ግን በአንድ ቃል አይጠይቅም። «ዋጋ» የሚለውም ብቻውን የሚበቃው የምን ዋጋ እንደሆነ በመንደሩ ሁሉ በሚታወቅበት ሳምንት ነው።

ይህን ሁኔታ ለማግኘት የሚጠቅሙት ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ በቅደም ተከተል ሲታዩም በመጀመሪያ የሚመጣው ከዚያ ቁጥር ቀደም ሲል የደረሰ ወይም ወደዚያ ቁጥር የተላከ መልእክት ነው። ቀጥሎ ጽሕፈት ቤቱ በእነዚያ ቀናት በአጠቃላይ ለአባላት ያስታወቀው ነገር ይታያል፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ቢሆንም፣ ትናንት በየቀበሌው የተለጠፈ ማስታወቂያ ካለ ዛሬ ከሚገቡት አጭር መልእክቶች አብዛኞቹ የእርሱ መልስ ወይም ጥያቄ ናቸው። ከዚያ በኋላ የቃሉ ቅርጽ፣ በመጨረሻም ቀኑና የእርሻው ወቅት ይመጣሉ። የሠራተኛው የራሱ ስሜት ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ «ዋጋ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲታይ ቁጣ የተሞላ ቢመስልም፣ ቁጣውን ያየነው ብዙ ጊዜ እኛው ደክሞን ስለነበረ ነው።

የቃሉ ቅርጽ ምን ይነግረኛል?

በአማርኛ ብዙ ይነግራል። ስም ብቻውን ሲመጣና ግስ ብቻውን ሲመጣ በመካከላቸው ትልቅ ልዩነት አለ፤ ግስ ማን እንደ ሠራ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ይሁን ብዙ፣ አልፏል ወይስ ይመጣል የሚለውን በራሱ ይዞ ስለሚመጣ ባለ አንድ ቃሉ መልእክት እንደ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይቆጠራል። «ደረስኩ» ያለው መንገደኛ ነው፣ «ደረስን» ያሉት አብዛኛውን ጊዜ የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳቱ ናቸው፣ «ደረሰ» ያለው ግን ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ወይም የሚጠይቅ ሰው ነው።

ስም ሲሆን ደግሞ መጨረሻው ላይ የተንጠለጠለችው ፊደል ትታይ። «ማዳበሪያ» ያለው ሰው ጉዳዩን ገና እየጀመረ ነው፤ «ማዳበሪያው» ያለው ግን የተነገረለትን፣ ምናልባትም ገንዘብ የከፈለበትን የታወቀ ማዳበሪያ ይዞ ነው የመጣው፣ ስለዚህ የተመዝጋቢዎች መዝገብ ላይ ስሙ ሊገኝ ይችላል። «ማዳበሪያስ» ያለው ደግሞ ከዚህ በፊት አንድ ነገር አግኝቷል፤ ዘሩን ወስዶ፣ የቀረውን እየጠየቀ ነው። አንዲቷ «ስ» ከመልእክቱ በፊት የነበረውን ንግግር ስለምታሳይ፣ እርሷን ያየ ሠራተኛ ወደ ኋላ ሄዶ የዘር መውሰጃውን መዝገብ መክፈት አለበት።

ቅርጹ የማይረዳበት ቦታም አለ። በንግግር ድምፁ ከፍ ብሎ ጥያቄ መሆኑን የሚያስታውቀው ቃል በጽሑፍ የጥያቄ ምልክት ካልተደረገለት ከዜና አይለይም፤ ምልክቱን የሚያደርገው ደግሞ ጥቂቱ ነው። የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደልም በጽሑፍ አይታይምና «ስንዴ ይሸጣል» የሚለው መልእክት «እገሌ ስንዴ ይሸጣል» ለማለት ይሁን «ስንዴ ለሽያጭ አለ» ለማለት፣ ወይም «ስንዴ ትሸጣላችሁ ወይ» ብሎ ለመጠየቅ በዓይን ብቻ አይለይም። ለእኛ ሥራ ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን «ደረሰኝ» ነው፤ ገንዘብ ወይም ዕቃ ከላክንለት ሰው ሲመጣ «ተቀብያለሁ» ማለት ሲሆን፣ ገንዘብ ከከፈለን ሰው ሲመጣ ደግሞ «የከፈልኩበትን ወረቀት ስጡኝ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ቃሉን ደጋግሞ ማንበብ ምንም አይፈይድም፤ የሚለየው የገንዘቡ አቅጣጫ ነው።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልታሳዩን ትችላላችሁ?

በሞረትና ጅሩ በአንድ መሠረታዊ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሰኔ 13 ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በስልኩ ላይ ስሙ ካልተመዘገበ ቁጥር «ደረሰ» የሚል መልእክት ገባ እንበል። ቃሉ ብቻውን ሲታይ ቢያንስ አምስት ነገር ሊሆን ይችላል። ማዳበሪያው መጣ ወይ ብሎ መጠየቅ፣ መኪናው መጋዘን መግባቱን መናገር፣ የተላከ ገንዘብ መግባቱን መጠየቅ፣ ገንዘብ መቀበሉን ማሳወቅ፣ ወይም አዝመራው ለአጨዳ መድረሱን ማስታወቅ።

የመጨረሻውን ወቅቱና ቦታው ያስቀሩታል። በጅሩ የኮትቻ መሬት ሰኔ የሚታረስበትና ለስንዴ የሚዘጋጁበት ወር ነውና ለአጨዳ የደረሰ አዝመራ አይኖርም። ይኸው ቃል በዚያው ሰሞን ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ደጋ ቢመጣ ግን መሰረዝ አይገባም ነበር፤ እዚያ በበልግ የተዘራው ገብስ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ የሚደርስ በመሆኑ፣ ገበሬው ምርቱን ማኅበሩ ይረከበው እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል። አንድ ቃል በአንድ ዞን ውስጥ እንኳ እንደ አካባቢው ሊለያይ መቻሉን ከወረዳ ወደ ወረዳ የተዛወሩ ሠራተኞች ቶሎ ይረዱታል።

መኪናው መግባቱን የሚናገር ሾፌር ደግሞ «ደረስን» ወይም «ደረስኩ» ባለ ነበር፤ ለማንኛውም ሾፌሩ ይደውላል እንጂ አይጽፍም፣ ምክንያቱም ማራገፊያ የሚፈልገው አሁኑኑ ነው። ገንዘብ መቀበሉን የሚያሳውቅ ሰው እንዳይሆን፣ ማኅበሩ በእነዚያ ቀናት ለማንም ክፍያ ልኮ እንደሆነ ገንዘብ ያዡን መጠየቅ ይበቃል፤ አልላከም። የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ማዳበሪያውን የሚጠይቅ ወይም የከፈለው ገንዘብ መግባቱን የሚጠይቅ።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚያመዝን ቀኑ ይጠቁማል። ሰኔ 12 ዓመታዊው ሚካኤል ነውና ትናንት ከየጎጡ የመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ተገናኝቷል፤ ማዳበሪያ የጫነ መኪና መታየቱም እዚያ ሳይወራ አልቀረም። ወሬውን የሰማ ሰው በማግሥቱ ጠዋት፣ በሬ ከመጥመዱ በፊት፣ በአንድ ቃል ቢጠይቅ ይህ ቃል ለእርሱ ሙሉ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያውን እንደ ዋናው ግምት፣ ገንዘቡን እንደ ሁለተኛው መያዝ ተገቢ ነው።

አሁንም ግን አንድ ነገር ይቀራል፤ «ደረሰ» የት? ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ መጀመሪያ የሚገባው የዩኒየን መጋዘን ሲሆን፣ ወደ መሠረታዊ ማኅበሩ መጋዘን የሚሻገረው ከዚያ በኋላ ነው። «አዎ፣ ደርሷል» የሚል መልስ ዩኒየኑን ታስቦ ቢሰጥ፣ ጠያቂው ግን የቀበሌውን መጋዘን ነው ብሎ ስለሚረዳው በማግሥቱ አህያውን ይዞ ይመጣል። በተጨማሪም መግባቱና መከፋፈል መጀመሩ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ መልሱ ቦታውንም ቀኑንም መያዝ አለበት፤ ለምሳሌ እንዲህ፦

«ማዳበሪያው ከእኛ መጋዘን ገብቷል፤ ስርጭቱ ሐሙስ ይጀምራል። ስለ ገንዘብ ከሆነ ይደውሉልን።»

ይህ መልስ ክፍተቶቹ ጭምር ተቆጥረው 57 ፊደል ስለሆነ በአንድ መልእክት ይገባል። ከዚያ ይልቅ የምንወድለት ግን ግምቱን በግልጽ ማሳየቱ ነው፤ ግምቱ ልክ ከሆነ ገበሬው የሚፈልገውን አግኝቷል፣ ካልሆነም የት ላይ እንደተሳትን አውቆ ሊያርመን ይችላል። «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ መመለስ ግን ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ያህል እርሻ ላይ የሚውለውን ሰው እስከ ማታ ያለ መልስ ያቆየዋል፤ አነጋገሩም የቁጣ ይመስላል።

መልእክቱ በላቲን ፊደል ቢመጣስ?

ያን ጊዜ የአማርኛው ድምፅ ከሚገባው በላይ ይጠብባል፤ በላቲኑ t የ«ተ»ንም የ«ጠ»ንም ቦታ ትይዛለች። ለእኛ ጽሕፈት ቤት ዋናው ምሳሌ mirt የሚለው ነው። «ምርጥ» ተብሎ ከተነበበ ላኪው ምርጥ ዘር ሊገዛ ይፈልጋል፤ «ምርት» ተብሎ ከተነበበ ደግሞ ያመረተውን ሊሸጥ ይፈልጋል። አንዱ ገዢ ሌላው ሻጭ ነው። ሰኔ ከሆነ ዘሩ፣ ታኅሣሥና ጥር ከሆነ ምርቱ ይቀድማል፤ በመስኖ በሚያለሙት በሸዋ ሮቢት አካባቢ ግን ዘርና ሽያጭ በአንድ ሰሞን ሊገናኙ ስለሚችሉ ወቅቱን ብቻ ማመን አይበቃም፣ መጠየቅ ይሻላል። ጠያቂው በላቲን ቢጽፍም መልሱን በግእዝ ፊደል መላክ ይመረጣል፤ ሆኖም የላኪው ስልክ አሮጌ ሆኖ አማርኛውን በአራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ በላቲኑ መመለስ ግድ ይሆናል።

ቀንና ወቅት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣሉ?

ያመጣሉ። «ነገ» የሚል መልእክት ወሩ በገባ በ11ኛው ቀን ሲደርስ በሌላ ቀን ከሚደርሰው ይለያል፤ በማግሥቱ ሚካኤል ስለሆነ ገበሬው አያርስም፣ ስለዚህ ወደ ከተማ ለመውጣት የሚመቸው ያ ቀን ነው፣ የሚጠይቀውም «ነገ ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው ወይ?» ብሎ ነው። ለ21 ማርያምና ለ27 መድኃኔ ዓለም ዋዜማም እንዲሁ ነው። የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ስልኩ አጠገብ መስቀል የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ስልኩ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ በዓሉን አያስታውስም።

«ዋጋ» ደግሞ ከወቅት ጋር ፊቱን የሚያዞር ቃል ነው። ከመዝራት በፊት ሲመጣ ጠያቂው ገዢ ነው፣ የማዳበሪያውን ወይም የዘሩን መሸጫ ይፈልጋል፤ ከውቂያ በኋላ ሲመጣ ግን ሻጭ ነው፣ እኛ ስንት እንደምንገዛው ማወቅ ይፈልጋል። በምንጃር አካባቢ በጥር የሚመጣ «ዋጋ» የጤፍ ወይም የሽምብራ መሆኑን ሳይጠይቁ መገመት ይቻላል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ግን አይቻልም፣ ስለዚህ ሁለቱንም ዋጋ በአንድ መልእክት መላክ ከመጠየቅ ያጥራል።

«ዳፕ» ተብሎ ሲጻፍም ወቅቱን ብቻ ሳይሆን ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ዳፕ ኤን ፒ ኤስ በሚባለው ማዳበሪያ ተተክቶ በነበረባቸው ዓመታትም ብዙ ገበሬ ሲዘራ የሚጨምረውን ማዳበሪያ ሁሉ ዳፕ እያለ ይጠራ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ኤን ፒ ኤስ ከሆነ «ዳፕ የለንም» ብሎ መመለስ በቃሉ እውነት ቢሆንም ሰውየውን ያሳስተዋል፤ የጠየቀው የዘር ጊዜ ማዳበሪያውን ነውና። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ «ማዳበሪያ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን ቡቃያው ላይ የሚበተነውን ዩሪያ እየጠየቀ መሆኑ ያመዝናል።

ቁጥር ብቻ ቢላክልኝስ?

የአኃዙ ብዛት ብዙውን ይፈታዋል። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር አሥር አኃዝ የስልክ ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜም «በዚህ ደውሉልኝ» ማለት ነው። በ1000 የሚጀምር 13 አኃዝ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሂሳብ ቁጥር ሲሆን፣ ክፍያ የሚጠብቅ ሰው ልኮታል ማለት ነው። FT ብሎ የሚጀምር የፊደልና የቁጥር ቅልቅል ደግሞ የዚሁ ባንክ የዝውውር መለያ ስለሆነ «ከፍያለሁ፣ አረጋግጡልኝ» ተብሎ ይነበባል፤ ማረጋገጫው ግን መልእክቱ ሳይሆን የማኅበሩ የሂሳብ መግለጫ ነው።

አስቸጋሪው አንድ ወይም ሁለት አኃዝ ብቻ ሲሆን ነው። «3» ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ኩንታል ወይም የወሩ ሦስተኛ ቀን ሊሆን ይችላል። እኛ ቀደም ብለን የጠየቅነው ነገር ካለ መልሱ እርሱ ነው፤ ከሌለ ግን ኩንታል ነው ብሎ መመዝገብ አይገባም። ሰዓት ከሆነም በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ለአዲስ ሠራተኛ እንኳ መንገር አያስፈልግም፤ መንገር የሚያስፈልገው የመልእክቱ መግቢያ ሰዓት በስልኩ ላይ በሌላው አቆጣጠር ሊታይ እንደሚችል ነው።

መቼ ነው ፈጽሞ መገመት የሌለብኝ?

ስሕተቱ ሊመለስ በማይችልበት ጊዜ። ከሁሉ በፊት የሚመጣው ፀረ አረም ነው። «የአረም» ወይም «ቱ ፎር ዲ» ብቻ የሚል መልእክት ሲመጣ የሚፈለገው ነገር ግልጽ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ መድኃኒት በስንዴ፣ በገብስና በጤፍ ውስጥ ያለውን ቅጠለ ሰፊ አረም የሚያጠፋ ሲሆን፣ ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራም ራሳቸው ቅጠለ ሰፊ ስለሆኑ ቢረጭባቸው አብረው ይቃጠላሉ። በጅሩ አንዱ ገበሬ ስንዴውንና ባቄላውን ጎን ለጎን ስለሚዘራ፣ ከየትኛው ማሳ ቆሞ እንደጻፈ ሳይታወቅ «አለ፣ ይምጡና ይውሰዱ» ማለት አይገባም። እዚህ ላይ ዋና ግምትና ሁለተኛ ግምት ብሎ ነገር የለም፤ «ለየትኛው ሰብል ነው? ስንዴ ወይስ ባቄላ?» ተብሎ ይጠየቃል፣ መልስ ካልመጣም ይደወላል።

ገንዘብም እንዲሁ ነው። «ላክልኝ»፣ «አስተላልፍ»፣ «ኮዱን» የሚሉ መልእክቶች ከሚታወቅ ቁጥር ቢመጡ እንኳ ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ስለሚችል ድምፁን ሳይሰሙ ምንም መላክ የለብዎትም። አጭበርባሪዎች አሳጥረው የሚጽፉት እርስዎ የጎደለውን በራስዎ እንዲሞሉላቸው ነው፤ «እኔ ነኝ» ሲሉ ስሙን የሚያወጣላቸው ተቀባዩ ነው።

ማብራሪያ ስጠይቅ በምን አነጋገር ልጻፍ?

በ«እርስዎ»። አክብሮት መሆኑ እንዳለ ሆኖ ሌላም ጥቅም አለው፤ «ይፈልጋሉ» የሚለው ወንዱንም ሴቷንም ስለሚይዝ ላኪውን ሳናውቅ «ትፈልጋለህ» ወይም «ትፈልጊያለሽ» ከማለት ያድነናል። ብዙ ጊዜ ስልኩ የልጁ፣ ጉዳዩ የአባቱ ወይም የእናቱ መሆኑንም አይዘንጉ። ስም ከታወቀ በኋላ «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ከስምንተኛ ክፍል ተማሪ ጋር «ጋሼ» እየተባባሉ ሊቆዩ ይችላሉ።

ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፤ መልሱም በአንድ ቃል የሚመለስ ይሁን። አንድ ቃል የጻፈ ሰው ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ጎጡን፣ የመሬቱን ስፋትና የሚፈልገውን መጠን በአንዴ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። «ዩሪያ ነው ወይስ ዘር?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን «ዩሪያ» ይላል፤ ቀበሌው በሚቀጥለው መልእክት ይጠየቃል። ከዚህ በላይ ሁለት ጊዜ መጻጻፍ ካስፈለገ መደወል ይቀላል፣ ወጪውም ያንሳል።

ከመልሳችን በኋላ «እሺ» ብቻ ሲሉስ?

«እሺ» መልእክቱ መነበቡን ያረጋግጣል፤ ከዚያ የበለጠውን አያረጋግጥም። «ሐሙስ ይምጡ» ተብሎ «እሺ» ያለ ሰው ሐሙስ ይመጣል ተብሎ ማዳበሪያ ሊያዝለት አይገባም፤ ትሕትና ሆኖ ብቻ ሊሆን ይችላልና። መምጣቱን ማወቅ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከሩቅ ጎጥ የሚመጡትን በአንድ ቀን ለማስተናገድ፣ «ሐሙስ ከመጡ 1፣ ዓርብ ከመጡ 2 ብለው ይላኩ» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ያን ጊዜ የሚመጣው «2» ቀኑ መሆኑ ስለሚታወቅ ኩንታል ነው ተብሎ አይመዘገብም፤ ከመልእክቱ ጎን የላኪው ስምና ጎጥ በመዝገቡ ላይ ከሰፈረ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ከዚያው ቁጥር «ደረሰ» ሲመጣ የሚፈተሸው ነገር በእጅጉ ይቀንሳል።